ሚዛን የማይገልጠው ክሳት፦ በውስጥ ደዌ ክፍል የምግብ እጥረት መለያ መሣሪያ ስለ መምረጥና ውጤቱን ስለ መመዝገብ

(በሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች በውስጥ ደዌ ክፍል ለሚሠሩ ነርሶችና ሐኪሞች በደብረ ብርሃን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ።)

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ያተኩራል። አንድ አዋቂ ሰው ታሞ ውስጥ ደዌ ክፍል ሲተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የምግብ እጥረት የሚያሰጋው መሆኑን በየትኛው መሣሪያ እንለይ? የለየነውንስ ነገ ተረኛ የሚሆነው ነርስና ከነገ ወዲያ ራውንድ የሚያደርገው ሐኪም እንዲሠሩበት አድርገን እንዴት እንጻፈው? ለዚህ ተግባር የተዘጋጁ የልየታ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ግን የተሠሩት ሰው ክብደቱን በሚያውቅበት፣ እሱ ባያውቀው እንኳ በቀድሞ የሕክምና መዝገቡ ላይ በሚገኝበት አገር ነው። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ ወይም ከጅሩ ወደ እኛ የሚመጣው ሕመምተኛ ግን ብዙ ጊዜ የቀድሞ ክብደቱ የትም አልተጻፈም። መሣሪያ ስንመርጥ ከዚህ መነሣት አለብን።

ምርጫዬን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን በኋላ ላስረዳ። ለውስጥ ደዌ ክፍል የምመርጠው ኤን.አር.ኤስ. 2002 የተባለውን መሣሪያ ነው፤ ሆኖም ሰውነቱ ያበጠ ሕመምተኛ ሲያጋጥም ከጎኑ የክንድ ዙሪያ ልኬትና የደረቅ ክብደት፣ ማለትም የእብጠቱ ውሃ ሲቀነስ የሚቀረው ክብደት፣ ግምት እንዲመዘገቡ እሻለሁ።

በእጃችን ካሉት ውስጥ ሦስቱን ብቻ ላወዳድር። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999 በአውስትራሊያ የወጣው ኤም.ኤስ.ቲ. ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ሳያስቡት በቅርቡ ክብደት ቀንሰዋል ወይ? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሶ በደንብ መብላት አቅቶዎታል ወይ? ቀነስኩ ያለ ሰው በቀነሰው ኪሎ መጠን ከ1 እስከ 4 ነጥብ ያገኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም ያለ 2 ነጥብ፣ ፍላጎቱ የቀነሰ ደግሞ 1 ነጥብ ይጨመርለታል። ድምሩ 2 ከደረሰ ሰውየው ሥጋት አለበት ማለት ነው። ሚዛንም ሜትርም ስለማይፈልግ ፈጣን ነው፤ ተረኛዋ ነርስ አልጋ እያነጠፈች እንኳ ልትጨርሰው ትችላለች። ሁለተኛው ባፔን የተባለው የብሪታንያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውና በአጠራሩ መስት የምንለው ነው። እሱ ቢ.ኤም.አይ.ን፣ ባለፉት ከ3 እስከ 6 ወራት የቀነሰውን ክብደት በመቶኛ፣ እንዲሁም አጣዳፊ ሕመም ይዞት ከ5 ቀን በላይ ምንም ያልቀመሰ ወይም የማይቀምስ መሆኑን ይደምራል፤ ድምሩ 2 ከደረሰ ሥጋቱ ከፍተኛ ነው። ሦስተኛው፣ ዴንማርካዊው ኮንድሩፕና ባልደረቦቹ ለአውሮፓው የሥነ ምግብ ማኅበር ለኤስፔን ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ኤን.አር.ኤስ. 2002 ነው። እሱ ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፦ በአንድ በኩል የሰውየውን የምግብ ሁኔታ፣ በሌላ በኩል የበሽታውን ክብደት። ዕድሜው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆነ 1 ነጥብ ይጨምራል። ድምሩ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የምግብ ዕቅድ ይወጣል፤ ከ3 በታች ከሆነ በየሳምንቱ ይደገማል።

እነዚህን ሦስቱን በወረቀት ላይ ብቻ ብናወዳድር አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የእኛ ክፍል በየጊዜው ከሚያስተኛቸው ሕመምተኞች ጋር የሚመሳሰል አንድ ምሳሌ አዘጋጅቻለሁ። ሰውየው 54 ዓመታቸው ነው፤ ከመንዝ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበታቸው ጠንክሮ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሯል፣ እግራቸውም እስከ ጉልበት አብጧል። ሚዛኑ 58 ኪሎ ይላል፤ ቁመታቸው 1.70 ሜትር ነው። ቢ.ኤም.አይ. 20.1 ማለት ነው። ነርሷ የኤም.ኤስ.ቲ.ን ጥያቄ ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ ሰሞኑን ከስተዋል?»

«ኧረ ምን ከሳሁ ልጄ፤ ሱሪው እንኳ አልቆለፍ ብሎኝ በገመድ ነው የማስረው።»

አልጋው ጥግ የተቀመጡት ባለቤታቸው ግን ቀበል አድርገው «ሆዱን አትይው፣ ክንዱን እይው እንጂ፤ ያ ሁሉ ጉልበት አልቆ አጥንቱ ቀረ» ይላሉ። «እህል እንዴት ነው?» ሲባሉ ደግሞ «ከጥምቀት ወዲህ አፉን አልጥም ብሎታል፤ የያዝኩለትን ግማሹን ይተወዋል» ይላሉ።

አሁን መሣሪያዎቹን እንያቸው። ነርሷ የሕመምተኛውን መልስ እንዳለ ከጻፈችው፣ በኤም.ኤስ.ቲ. ክብደት መቀነስ 0፣ ፍላጎት መቀነስ 1፣ ድምር 1 ይሆንና ሰውየው «ሥጋት የለበትም» ይባላሉ። በመስት ደግሞ ቢ.ኤም.አይ. ከ20 በላይ ስለሆነ 0፣ የቀነሰው ክብደት ስለማይታወቅ ብዙ ጊዜ ክፍት የሚተው ወይም 0 የሚሞላ፣ ጨርሶ መብላት ስላላቆሙም የአጣዳፊ ሕመሙ ነጥብ 0 ይሆናል። ድምሩ 0 ነው። ባለቤታቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩትን ሁለቱም ሳያዩት አለፉ። ለመስት ፍትሐዊ ልሁንና፣ መመሪያው ራሱ እብጠትና የሆድ ውሃ ባለበት ክብደት እንደማይታመን ይናገራል፤ በዚያ ጊዜ የክንድ ዙሪያንና የልብስ መላላትን ተመልከቱ ይላል። ችግሩ ይህ ማስጠንቀቂያ ያለው መመሪያው ውስጥ እንጂ በአልጋ ራስጌ በሚሞላው ቅጽ ላይ አለመሆኑ ነው፤ በሌሊት ተረኝነት ደግሞ የሚነበበው ቅጹ ብቻ ነው።

በኤን.አር.ኤስ. 2002 ያው ሰው እንዲህ ይታያል። ቢ.ኤም.አይ. ከ18.5 እስከ 20.5 ሆኖ አጠቃላይ ሁኔታው የተዳከመ ሰው፣ ወይም ባለፈው ሳምንት ከሚያስፈልገው ምግብ ግማሽ ያህሉን ብቻ የበላ ሰው፣ የምግብ ሁኔታ ነጥቡ 2 ነው። በሽታው ባስከተለው ችግር ምክንያት የተኛ የሲሮሲስ ሕመምተኛ በበሽታ ክብደት 1 ያገኛል። ድምሩ 3። እብጠቱን ማንም ሳያስተካክል፣ የቀድሞ ክብደትም ሳይታወቅ፣ መሣሪያው ሰውየውን ያዛቸው። የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ክብደት ሲዋሽ የሚናገር ሌላ በር አለው፤ እሱም ባለፈው ሳምንት የተበላው ምግብ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ ውጤቱን ተከትሎ የሚሰጠው እርዳታ እንደሚጠቅም በውስጥ ደዌ ሕመምተኞች ላይ መፈተኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው በስዊዘርላንድ ስምንት ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናት፣ በዚሁ መሣሪያ 3 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙ ከ2,000 በላይ የውስጥ ደዌ ሕመምተኞችን ወስዶ፣ ለየራሳቸው በተወሰነ ዕቅድ የተመገቡት በ30 ቀን ውስጥ 7 በመቶ፣ የሆስፒታሉን መደበኛ ምግብ ብቻ ያገኙት ደግሞ 10 በመቶ መሞታቸውን አሳይቷል። ስዊዘርላንድ ሸዋ አይደለችም፣ ቁጥሩንም እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም፤ ቢሆንም ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ ይህ ትንሽ ማስረጃ አይደለም።

በተቃራኒው ወገን ያለውንም ሰው እንይ። ከሸዋ ሮቢት በወባ የመጣ የ35 ዓመት ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጭን፣ ቢ.ኤም.አይ. 18.2፣ እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ እርሻ ላይ የዋለ። መስት በቢ.ኤም.አይ. ብቻ 2 ነጥብ ይሰጠውና ከፍተኛ ሥጋት ውስጥ ያስገባዋል። በአገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶ ያህሉ ቢ.ኤም.አይ.ያቸው ከ18.5 በታች ነበር። እነዚህ ሆስፒታል ያልተኙ፣ ቤታቸው የተገኙ ሴቶች ናቸው። በቢ.ኤም.አይ. ብቻ የሚለይ መሣሪያ በእኛ ክፍል ከተተከለ፣ የክፍሉ ጉልህ ድርሻ ከመጀመሪያው ቀን «ከፍተኛ ሥጋት» ይባላል፤ አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ ያን ሁሉ ሰው ማየት ስለማይችል፣ ብዙም ሳይቆይ ዝርዝሩን የሚያነብ ይጠፋል። በኤን.አር.ኤስ. ግን ከ18.5 በታች የሆነ ቢ.ኤም.አይ. 3 ነጥብ የሚያሰጠው አጠቃላይ ሁኔታው ከተዳከመ ጋር ሲደመር ነው። የወባው ሕመምተኛ ራሱን ችሎ ይሄዳል፤ ከሳምንቱ ሰባት ቀን በሁለቱ ብቻ ሩብ ያህል በልቶ በአምስቱ በደንብ ስለበላ የሳምንቱ ምግብ ከሦስት አራተኛ በላይ ነው፤ በበሽታ ክብደት 1 ቢሰጠው ድምሩ 1 ይሆናል። ይጻፍለታል፣ በሳምንቱ ካልወጣ ይደገምለታል። ቀጭን መሆኑ የሚናቅ ነገር አይደለም፣ ሕመሙ ቢረዝም የሚያስቀምጠው ስንቅ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ማታ ከመንዙ ገበሬ ጋር እኩል የሚሰለፍ ሰው አይደለም።

መሣሪያው ከነሙሉ ክብሩ የእኛ ነው ማለት ግን አይደለም። ሦስት ቦታ ላይ እጃችንን ማስገባት ይኖርብናል።

የመጀመሪያው የራሱ የመግቢያ ደረጃ ነው። ኤን.አር.ኤስ. 2002 ሲሠራ ሁለት ደረጃ ነበረው፤ በመጀመሪያ አራት የአዎን ወይም የአይደለም ጥያቄዎች ይጠየቃሉ፤ አንዱ ቢ.ኤም.አይ. ከ20.5 በታች ነው ወይ የሚል ነው። አንዱ እንኳ አዎን ከተባለ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይገባል። ይህ አጥር በአውሮፓ ብዙ ሰው ያስቀራል። በእኛ ክፍል ግን ቢ.ኤም.አይ.ያቸው ከ20.5 በላይ የሆኑ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ አጥሩ ማንንም አያስቀርም፣ ሥራ ብቻ ይጨምራል። የእኔ ሐሳብ የመጀመሪያውን ደረጃ ትተን ለእያንዳንዱ ገቢ ሕመምተኛ በቀጥታ የሁለተኛውን ነጥብ እንሙላ የሚል ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ስለ ተበላው ምግብ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ቅጹ ሕመምተኛው ባለፈው ሳምንት ከሚያስፈልገው ምግብ በመቶ ስንቱን እንደበላ ይጠይቃል፤ ከ50 እስከ 75 በመቶ ከሆነ 1፣ ከ25 እስከ 60 ከሆነ 2፣ ከ25 በታች ከሆነ 3 ነጥብ ነው። ልብ በሉ፣ በ50 እና በ60 መካከል ሁለት ነጥቦች ተደራርበዋል፤ ይህ የእኛ የጽሕፈት ስሕተት አይደለም፣ በመጀመሪያው ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ክፍሉ አንድ ጊዜ ተስማምቶ፣ ግማሽና ከግማሽ በታች 2 ነው ብሎ በቅጹ ግርጌ ይጻፍ፤ አለዚያ አንዱ ነርስ 1፣ ሌላው 2 እየሰጠ እንኖራለን። ቀጥሎ፣ ማንም ሕመምተኛ «60 በመቶ በላሁ» አይልም። ጥያቄው በእንጀራ መሆን አለበት። «ጤነኛ ሳሉ በአንድ ገበታ ስንት እንጀራ ይጨርሱ ነበር? አሁንስ?» ብሎ፣ ከዚያ ትናንትን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እያሉ አንድ በአንድ መጠየቅ ነው። ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ ጭራሽ፤ እነዚህ አራት ቃላት ማንም የሚያውቃቸው ናቸው፣ ለነጥቡም ይበቃሉ። መልሱን ከሕመምተኛው ብቻ አትውሰዱ፤ ምግቡን ያመጣው አስታማሚ የተረፈውንም ይዞ የሚሄደው እሱ ነውና እሱንም ጠይቁ። አንዳንድ አስታማሚ ስሙ እንዳይነሣ «ደህና ይበላል» ይላል፤ አንዳንዱ ከጭንቀቱ የተነሣ «እህል ውሃ አልቀመሰም» ይላል። «ትናንት ማታ ያመጣችሁት ምን ነበር፣ ስንቱስ ተረፈ?» ሲባል ግን መልሱ ይጠራል።

የጾም ነገርም አለ። በዐቢይ ጾም የገባ ሕመምተኛ «ባለፈው ሳምንት ከወትሮዎ ያነሰ በልተዋል?» ቢባል አዎን ይላል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም ነው። ያ ሰው ማታ ከሽሮና ከባቄላ ጋር ሙሉ ገበታ ጨርሶ ከሆነ ነጥብ አይሰጠውም። በተቃራኒው ደግሞ «ጾም ስለሆነ ነው» ተብሎ ከአንድ ወር በፊት የጀመረ የፍላጎት ማጣት ሲሸፈን ይታያል። መፍትሔው ጾምን ከጾም ጋር ማወዳደር ነው፦ «ባለፈው ዓመት በዚህ ጾም፣ በዚህ ሰዓት፣ ምን ያህል ይበሉ ነበር?»

ሦስተኛው የበሽታ ክብደት ነጥብ ነው። በመሣሪያው ላይ የተጠቀሱት በሽታዎች ጥቂት ናቸው፤ ሲሮሲስ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ ስኳርና ካንሰር በ1፤ ስትሮክና ከባድ የሳምባ ምች በ2 ተጽፈዋል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ድካም፣ ካላዛር የሉም። ነገር ግን መሣሪያው መመዘኛውንም ይነግረናል፤ ደክሞ ግን ከአልጋው እየተነሣ የሚንቀሳቀስ ሰው 1፣ ከሕመሙ የተነሣ አልጋ ላይ የቀረ 2፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመሣሪያ የሚተነፍስ 3 ነው። ነጥቡ የሚሰጠው በዚህ መመዘኛ እንጂ በበሽታው ስም ብቻ እንዳይሆን፣ ሐኪሞቹ በክፍሉ ለሚዘወተሩት በሽታዎች አንድ ገጽ ዝርዝር አዘጋጅተው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ መልካም ነው። «አጠቃላይ ሁኔታው የተዳከመ» የሚለውም እንዲሁ ስምምነት ይሻል፤ እኔ ያለ ድጋፍ መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ ያልቻለ ሰው ተዳክሟል ብለን እንድንስማማ እመክራለሁ፤ ስምምነቱም ይጻፍ።

አሁን ወደ እብጠቱ ልመለስ። የመንዙ ገበሬ ያለ ምንም ማስተካከያ 3 ነጥብ አግኝተዋል፤ ታዲያ የደረቅ ክብደት ግምት ምን ይጨምራል? በሥራ ላይ የቆዩ ግምቶች አሉ፦ ለትንሽ የሆድ ውሃ 2 ኪሎ ገደማ፣ ለመካከለኛ 6፣ ለብዙ 14 ይቀነሳል፤ ለትንሽ የእግር እብጠት 1፣ ለመካከለኛ 5፣ ለከባድ 10 ይቀነሳል። እኚህ ሰው ሁለቱም መካከለኛ ቢሆኑ 11 ኪሎ ተቀንሶ 47 ኪሎ ይቀራል፤ ቢ.ኤም.አይ. ከ20.1 ወደ 16.3 ይወርዳል። የምግብ ሁኔታቸው ነጥብ 3፣ ድምሩም 4 ይሆናል። ይህ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም፣ የአንዱ ሐኪም «መካከለኛ» ለሌላው «ብዙ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምስክር ያስፈልገዋል፤ ምስክሩም ክንድ ነው። በሲሮሲስ ውሃው የሚወርደው ወደ ሆድና ወደ እግር ስለሆነ ክንድ ብዙ ጊዜ እውነቱን ይናገራል። የመስት መመሪያ የክንድ ዙሪያ ከ23.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቢ.ኤም.አይ. ከ20 በታች ሳይሆን አይቀርም ይላል፤ የገበሬው ክንድ 20.5 ቢሆን፣ ሚዛኑ 20.1 ማለቱ ሐሰት መሆኑን ያጋልጣል። ፊቱና እጁ ሳይቀር ሰውነቱ ሁሉ ያበጠ የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆነ ግን ክንዱም አይታመንም፤ በዚያ ጊዜ የሚቀረን የምግቡ ጥያቄ ብቻ ነው።

ክንድ ስትለኩ ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ በትከሻው ጫፍና በክርኑ ጫፍ መካከል ያለውን እኩሌታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ ዘና ሲያደርገው ሳታጠብቁ ለኩ። የሕፃናቱን ባለ ቀለም ሙአክ በአዋቂ ላይ አትጠቀሙ፤ አረንጓዴና ቀይ ቀለሞቹ የተሠሩት ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው፣ ለአዋቂ ሁሉም አረንጓዴ ሊያሳይ ይችላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ስለ ሚዛንም አንድ ነገር ልበል፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ሕመምተኛ ጋቢውን አውልቅ ሲባል ቢያመነታ አይፈረድበትም። ጋቢውን ለብቻው መዝናችሁ ቀንሱ። ሚዛኑ የተጣመመ እንዳይሆን ደግሞ ጄሪካኑን ባዶውን መዝናችሁ፣ 10 ሊትር ውሃ ጨምራችሁ እንደገና መዝኑት፤ ልዩነቱ 10 ኪሎ ካልሆነ ሚዛኑ ይስተካከል ወይም ይቀየር።

የተለካው ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በካርዱ ላይ ነው፤ ብዙ ድካም የሚባክነውም እዚያው ነው። በካርዶች ላይ ደጋግሜ የማየው «የምግብ ሁኔታ፦ ደካማ» የሚል ሐረግ ወይም ያለ ማብራሪያ የተጻፈ አንድ አኃዝ ነው። «3» የሚል ብቻ ቢጻፍ በየትኛው መሣሪያ እንደሆነ አይታወቅም፤ በኤን.አር.ኤስ. 3 የሥጋት መጀመሪያ ነው፣ በሌላ ቅጽ ሌላ ትርጉም አለው። ከዚህ የሚብሰው ግን ያልተለካን ነገር በ0 መሙላት ነው። 0 ማለት «ለክቼ ደህና አገኘሁት» ማለት ነው። ያልተለካ ከሆነ «አልተለካም፣ መቆም ስላልቻለ» ተብሎ ይጻፍ፤ የቀድሞ ክብደት ካልታወቀ «አይታወቅም» ይባል። ክፍት ቦታ ነገ የሚሞላው ሰው ያገኛል፤ 0 ግን ማንም አይነካውም።

የመንዙ ገበሬ ካርድ ላይ የምጽፈው ይህን ይመስላል። «መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ኤን.አር.ኤስ. 2002። ክብደት 58 ኪሎ፣ በሚዛን፣ ያለ ጋቢና ያለ ጫማ። ቁመት 1.70 ሜትር፣ ቆመው የተለካ። የሆድ ውሃ መካከለኛ፣ የእግር እብጠት መካከለኛ፤ የተገመተ ደረቅ ክብደት 47 ኪሎ። ቢ.ኤም.አይ. በሚዛን 20.1፣ በግምት 16.3። የግራ ክንድ ዙሪያ 20.5 ሳንቲ ሜትር። የቀድሞ ክብደት አይታወቅም። የሳምንቱ ምግብ ግማሽ ያህል፣ ባለቤታቸው እንዳስረዱት። ያለ ድጋፍ መጸዳጃ ቤት አይደርሱም። የምግብ ሁኔታ 3፣ የበሽታ ክብደት 1፣ ዕድሜ 0፣ ድምር 4። ለተረኛ ሐኪምና ለሥነ ምግብ ባለሙያ ተነግሯል። ክብደት በየቀኑ ጠዋት ይለካ፤ የምግብ ዕቅዱ መጋቢት 16 ይከለስ።» ከዚህ በታች የጻፈው ሰው ስምና ፊርማ ይኖራል። የሚዛኑ ክብደት፣ እብጠቱና የተገመተው ደረቅ ክብደት ለየብቻ መጻፋቸው ጥቅም አለው፤ ሽንት በሚያሸና መድኃኒት ውሃው ሲወርድ ክብደቱ በሦስት ቀን 3 ኪሎ ቢቀንስ፣ የሚያነበው ሰው ሰውየው ከስተው ሳይሆን ውሃው ወርዶ ነው ብሎ እንዲረዳ ያደርገዋል። ልየታ የበሽታ ምርመራ አለመሆኑንም አትርሱ፤ 4 የሚለው ነጥብ ባለሙያው መጥቶ እንዲመረምርና ዕቅድ እንዲያወጣ ይጠራዋል እንጂ እሱን አይተካም።

ሥራው በትክክል እየሄደ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? በወሩ መጨረሻ ሃያ ያህል ካርድ አውጡና ቁመቶቹን ብቻ ተመልከቱ። 1.60፣ 1.65፣ 1.70 እየተባለ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ማንም አልለካም፤ በዓይን ተገምቷል። ክብደቶቹ ሁሉ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ከሆነም እንዲሁ ነው። ከዚያ ሁለት ነርሶች በአንድ ጠዋት፣ ሳይነጋገሩ፣ ያንኑ አሥር ሕመምተኛ ነጥብ ይስጡ። አንዷ 3 ወይም ከዚያ በላይ፣ ሌላዋ ከ3 በታች በማለት የተለያዩባቸው ሰዎች ካሉ፣ ልዩነቱ የመጣው ከምግቡ ጥያቄ ነው ወይስ ከበሽታ ክብደት ብላችሁ ተነጋገሩበት፤ ግድግዳው ላይ ያለው ዝርዝር የሚታረመው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ስለ መውጫ ቀን። ሕመምተኛው ውሃው ወርዶለት ሲወጣ የሚለካው ክብደት በሆስፒታል ቆይታው ካገኘናቸው ሁሉ ለእውነት የቀረበው ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ አይለካም፣ ቢለካም በካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ክብደቱን፣ እብጠት መኖር አለመኖሩንና ቀኑን ጻፉለት፤ ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ እንዲያስቀምጥም ለአስታማሚው ንገሩ። የመንዙ ገበሬ በ49 ኪሎ ያለ እብጠት ቢወጡና ከሁለት ወር በኋላ በ45 ኪሎ ቢመለሱ፣ የቀነሱት ከ8 በመቶ በላይ ነው፤ በሁለት ወር ከ5 በመቶ በላይ የቀነሰ ሰው በኤን.አር.ኤስ. የምግብ ሁኔታ ነጥቡ 2 ስለሆነ፣ ተረኛዋ ነርስ ያን ጊዜ ሱሪም ገመድም ሳትጠይቅ ከወረቀቱ ላይ አስልታ ትጽፈዋለች።